ሁለቱን ብናቀያይራቸው ምን ይለወጣል?

በነሐሴ 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ሄልሲንኪ ላይ በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና፣ በሴቶች 5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያለውን ቦታ የያዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጥሩነሽ ዲባባ ወርቁን፣ መሠረት ደፋር ብሩን፣ እጅጋየሁ ዲባባ ነሐሱን ወሰዱ፤ መሰለች መልካሙ አራተኛ ወጣች። ከዚህ ውጤት ሁለት ጥያቄ ማውጣት ይቻላል። አንደኛው፦ እነዚህ አራት ሯጮች የመጀመሪያዎቹን አራት ቦታዎች እንደሚይዙ አስቀድመን ብናውቅ ኖሮ፣ አገባባቸው በስንት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊሆን ይችል ነበር? ሁለተኛው፦ ከአራቱ ሦስቱ ሜዳሊያ ያገኛሉ፤ የሜዳሊያውን ዓይነት ትተን ያገኙት እነማን እንደሆኑ ብቻ ብንቆጥር፣ ሦስቱ በስንት ዓይነት መንገድ ሊገኙ ይችላሉ?

የመጀመሪያው መልስ 24 ነው፤ የሁለተኛው 4 ብቻ። ሯጮቹ አልተለወጡም፣ ሩጫውም አልተለወጠም። የተለወጠው እኛ «አንድ ውጤት» ብለን የምንቆጥረው ነገር ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ፐርሙቴሽንና ኮምቢኔሽን የሚባለው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ የሚቸገረው እዚሁ ላይ ነው። ሒሳቡ ራሱ ማባዛትና ማካፈል ስለሆነ አያስቸግርም። ፋክቶሪያል የሚባለውም ምልክት ቢበዛ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነው፤ 4! ማለት 4 × 3 × 2 × 1 ማለት ነው፣ በቃ። ቀመሮቹንም ይሸመድዳል። ጥያቄው ሲመጣ ግን ከሁለቱ ቀመሮች የትኛውን እንደሚያነሳ አያውቅም፤ ብዙ ጊዜም በግምት ያነሳል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በስሌቱ ላይ ሳይሆን ከስሌቱ በፊት ባለው ውሳኔ ላይ ነው።

ከማባዛት እንጀምር። ወርቁን ከአራቱ አንዷ ልትወስድ ትችላለች። ማንም ትውሰደው፣ ለብሩ ሦስት ይቀራሉ። ብሩን ማንም ትውሰደው፣ ለነሐሱ ሁለት ይቀራሉ፤ የመጨረሻዋ አራተኛ ትሆናለች። ስለዚህ 4 × 3 × 2 × 1 = 24። የቆጠራ መሠረታዊ መርህ የሚባለው ይኸው ነው፤ አንድ ሥራ በደረጃ የሚከናወን ከሆነ የየደረጃው አማራጭ ቁጥር ይባዛል። ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፍ አንድ ሁኔታ ግን አለው። በመጀመሪያው ደረጃ የቱም ቢመረጥ፣ በሁለተኛው ደረጃ የሚቀረው የአማራጭ ቁጥር እኩል መሆን አለበት። እዚህ ላይ ወርቁን ጥሩነሽም ወሰደችው መሠረት፣ ለብሩ የሚቀሩት ሁልጊዜ ሦስት ናቸው። ቁጥሩ እንደ ምርጫው ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ማባዛት አይሠራም፤ ሁኔታውን ከፋፍሎ ለየብቻ መቁጠርና መደመር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ለሦስቱ ሜዳሊያዎች 4 × 3 × 2፣ ማለትም 24 አማራጭ አለ። ይህ ግን ቅደም ተከተልን የሚቆጥር ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ጥሩነሽ፣ መሠረትና እጅጋየሁ ብቻ ያሉባቸውን መስመሮች እንፈልግ። ጥሩነሽ–መሠረት–እጅጋየሁ የሚል አለ፤ ጥሩነሽ–እጅጋየሁ–መሠረትም አለ፤ መሠረት የምትቀድምባቸው ሁለት፣ እጅጋየሁ የምትቀድምባቸው ሁለት አሉ። በድምሩ ስድስት መስመር ነው። «ሜዳሊያ ያገኙት እነማን ናቸው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ግን ስድስቱም መስመሮች የሚሰጡት መልስ አንድ ነው። እያንዳንዱ ሦስትዮሽ በዝርዝሩ ውስጥ ስድስት ስድስት ጊዜ ስለገባ፣ ትክክለኛውን ቁጥር ለማግኘት 24ን ለ6 እናካፍላለን፤ 4 ይወጣል። ሌላው መንገድ ደግሞ ይበልጥ አጭር ነው። ሜዳሊያ የሚያገኙትን ሦስቱን መወሰን ማለት ሜዳሊያ የማታገኘዋን አንዷን መወሰን ማለት ነው፤ እሷም ከአራቱ አንዷ ናት።

የኮምቢኔሽን ቀመር ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። በፐርሙቴሽን ቆጥረን ስናበቃ፣ ተመሳሳዩን ውጤት ስንት ጊዜ እንደደጋገምነው አይተን ለዚያ ማካፈል ነው። በቀመር ሲጻፍ nCr = nPr / r! ይሆናል። እዚያ መስመር ላይ ያለው r! ተማሪውን ከየት መጣ ሳያሰኘው ማለፍ የለበትም፤ የተመረጡት r ነገሮች እርስ በርሳቸው በስንት ዓይነት ሊደረደሩ እንደሚችሉ የሚናገር ቁጥር ነው። ሩጫው ላይ 15 ሯጮች ቢኖሩም አካሄዱ አይለወጥም። በቅደም ተከተል ሦስት ሜዳሊያ ለመስጠት 15 × 14 × 13 = 2,730 መንገድ አለ፤ ያገኙትን ብቻ ለመቁጠር 2,730ን ለ6 አካፍለን 455 እናገኛለን።

እንግዲህ ውሳኔው በአንድ ጥያቄ ሊጀመር ይችላል። ተማሪው አንድ የተሟላ ውጤት በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ከዚያ በውስጡ ያሉትን ሁለት ነገሮች ቦታ ያቀያይር። የጥያቄው ባለቤት «ይህማ ሌላ ውጤት ነው» ይላል ወይስ «ያው ነው»? ሌላ ውጤት ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይቆጠራል፤ ያው ከሆነ አይቆጠርም። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን «አንድ ውጤት ጻፍ» የሚለውን የመጀመሪያ እርምጃ የሚዘሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ተመራማሪ የሆኑት ኤሊስ ሎክዉድ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ የተማሪን የቆጠራ አስተሳሰብ በሦስት ከፍለው ያዩታል፤ ቀመሩ፣ የቆጠራው ሂደት እና የሚቆጠሩት ውጤቶች ስብስብ። ከሦስቱ በተማሪው አእምሮ ውስጥ ቶሎ የሚረሳው የመጨረሻው ነው። ምን እየቆጠረ እንደሆነ ሳያይ መቁጠር ይጀምራል።

በእኛ አገር ለዚህ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ ተማሪው ጥያቄውን ከመረዳት ይልቅ ምልክት የሚሰጥ ቃል ማደን ይቀለዋል። «አሬንጅ» የሚል ካየ ፐርሙቴሽን፣ «ሰሌክት» ወይም «ቹዝ» የሚል ካየ ኮምቢኔሽን ብሎ ይደመድማል። አንዳንድ አስጠኚዎችም ይህንኑ እንደ ብልሃት ያስተምራሉ። ብልሃቱ ግን ሁለት ቀላል ጥያቄ ሲቀርብለት ይወድቃል። «ከዘጠኝ የእድር አባላት ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በስንት መንገድ መምረጥ ይቻላል?» ቢባል፣ መምረጥ የሚል ቃል አለበት፤ ነገር ግን ሰብሳቢውና ገንዘብ ያዡ ቦታ ቢለዋወጡ ሌላ ውጤት ነውና ቅደም ተከተሉ ይቆጠራል። «ሦስት ተመሳሳይ ብርድ ልብሶችን ለአምስት ቤተሰቦች፣ ለአንዱ ከአንድ በላይ ሳይደርሰው፣ በስንት መንገድ ማከፋፈል ይቻላል?» ቢባል ደግሞ፣ መምረጥ የሚል ቃል የለም፤ ነገር ግን ብርድ ልብሶቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ የሚለየው ሦስቱ የደረሳቸው ቤተሰቦች እነማን መሆናቸው ብቻ ነው። ስለዚህ 5 × 4 × 3 = 60፣ ለ6 ተካፍሎ 10። ብርድ ልብሶቹ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ቢሆኑ መልሱ 60 ይሆን ነበር። የሚወስነው ግሡ አይደለም፤ የሚሰጡት ነገሮችና ቦታዎቹ ተለይተው መታወቃቸው ወይም አለመታወቃቸው ነው።

የእድሩን ምሳሌ እንደያዝን ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ያስተምራል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ለመሾም 9 × 8 × 7 = 504 መንገድ አለ። ሹመት ሳይኖር እኩል የሆኑ ሦስት የኮሚቴ አባላት ብቻ ይመረጡ ቢባል፣ ሦስቱ እርስ በርሳቸው በስድስት ዓይነት ስለሚቀያየሩ 504ን ለ6 አካፍለን 84 እናገኛለን። አሁን ሦስተኛ ጥያቄ፦ አንድ ሰብሳቢና ሁለት ተራ አባላት ቢመረጡስ? እዚህ ላይ ተማሪው ግራ ይጋባል፤ ፐርሙቴሽን እንዳይል ሁለቱ አባላት እኩል ናቸው፣ ኮምቢኔሽን እንዳይል ሰብሳቢው ይለያል። የመቀያየሩን ፈተና ግን ቢጠቀም መልሱ ራሱ ይመጣል። ሰብሳቢውን ከአንዱ አባል ጋር ብናቀያይር ሌላ ውጤት ነው፤ ሁለቱን አባላት ብናቀያይር ያው ነው። ስለዚህ ያለ ለውጥ የሚያልፈው መቀያየር ሁለት ዓይነት ብቻ ስለሆነ 504ን ለ2 እናካፍላለን፤ 252። በሌላ መንገድ ለማረጋገጥ፣ ሰብሳቢውን በ9 መንገድ፣ ሁለቱን አባላት ከቀሩት ስምንት በ28 መንገድ እንመርጣለን፤ 9 × 28 ያው 252 ነው።

504፣ 252፣ 84። ዘጠኙ ሰዎች ያው፣ ሦስቱ ወንበሮች ያው። የተለያየው ማካፈያው ነው፤ 1፣ 2፣ 6። ፐርሙቴሽንና ኮምቢኔሽን ሁለት የተራራቁ ምዕራፎች ሳይሆኑ የአንድ ሐሳብ ሁለት ጫፎች መሆናቸውን ተማሪው በዚህ ያያል፤ በመካከላቸውም ብዙ ጥያቄዎች እንደሚኖሩ ይረዳል። ለክፍል አንድ ምሳሌ ብቻ ምረጡ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ማካፈሉ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለፊደልም ይሠራል። «አበበ» የሚለውን ስም ሦስት ፊደላት ስንደረድር ስድስት ሳይሆን ሦስት ቃል ብቻ ነው የምናገኘው፦ አበበ፣ በአበ፣ በበአ። ሁለቱ «በ»ዎች ቢቀያየሩ ዓይን አይለየውምና 6ን ለ2 አካፍለናል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ አንዴ የተጠቀምንበት ነገር ሊደገም ይችላል? የባንክ ካርድ ባለ አራት አኃዝ የምሥጢር ቁጥር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቅደም ተከተሉ ይቆጠራል፤ 1234 እና 4321 አንድ አይደሉም። ይህን ያየ ተማሪ «ፐርሙቴሽን ነው» ብሎ 10 × 9 × 8 × 7 = 5,040 ይላል። ነገር ግን 7727 የሚል የምሥጢር ቁጥር መያዝን የሚከለክል የለም። በየቦታው አሥሩም አኃዞች ስለሚፈቀዱ መልሱ 10 × 10 × 10 × 10፣ ማለትም 10,000 ነው። የፐርሙቴሽንም የኮምቢኔሽንም ቀመር አላስፈለገም፤ የማባዛቱ መርህ ብቻውን በቃ።

እዚሁ ላይ ተማሪን የሚያስገርም አንድ ጥያቄ ልጨምር። በር ላይ ያለ ባለ ቁጥር ቁልፍ ብዙ ስላገለገለ አራት ቁጥሮች ላይ ያለው ቀለም ተፍቋል እንበል። ኮዱ አራት አኃዝ ከሆነ፣ አራቱ የተፋቁ ቁጥሮች አንዳንድ ጊዜ እንደገቡ ስለምናውቅ የሚቀረን 24 አማራጭ ነው። የተፋቁት ሦስት ብቻ ቢሆኑስ? ብዙ ሰው አማራጩ ይቀንሳል ይላል። እንቁጠረው። ከሦስቱ አንዱ ሁለት ጊዜ ገብቷል ማለት ነው፤ የትኛው እንደሆነ በ3 መንገድ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አራት አኃዝ፣ ሁለቱ ተመሳሳይ፣ ስንደረድር እንደ አበበው ስም ለ2 እናካፍላለን፤ 24 ÷ 2 = 12። ሁለቱን ስናባዛ 3 × 12 = 36። የተፋቁት ቁጥሮች ሲያንሱ አማራጩ ከ24 ወደ 36 ከፍ አለ።

አሁን ጎበዝ ተማሪ እንኳ ወደሚሳሳትበት እንለፍ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ከአምስት ሴቶችና ከአራት ወንዶች መካከል፣ ቢያንስ አንዲት ሴት ያለችበት ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ በስንት መንገድ ማዋቀር ይቻላል? በጣም የሚያሳምን መፍትሔ አለ። መጀመሪያ ግዴታውን እናሟላ፤ አንዲት ሴት ከአምስቱ እንምረጥ፣ 5 መንገድ። ከዚያ የቀሩት ስምንት ሰዎች ሴትም ይሁኑ ወንድ ግድ የለም፤ ከነሱ ሁለት እንምረጥ፣ 28 መንገድ። 5 × 28 = 140።

መልሱ ስህተት ነው። ስህተት መሆኑንም ያለ መምህር ማወቅ ይቻላል፤ ምንም ግዴታ ባይኖር እንኳ ከዘጠኝ ሰው ሦስት የሚመረጥበት መንገድ 84 ብቻ መሆኑን ከላይ አይተናል። ገደብ ተጨምሮ ቁጥሩ ሊጨምር አይችልም። ተማሪ መልሱን ከጻፈ በኋላ «ገደቡ ባይኖር ስንት ይሆን ነበር?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ቢኖረው እንዲህ ያለው ስህተት ወዲያው ይታየው ነበር። የብሔራዊ ፈተናው ጥያቄዎች ምርጫ በመሆናቸው 140 የሚል አማራጭ ተቀምጦ ሊጠብቀው ይችላልና ልማዱ ዋጋ አለው።

ስህተቱ የት ነው? ይህን ለማየት ቁጥሩን ማሳነስ ነው። ሁለት ሴቶች፣ ሀ እና ለ፣ አንድ ወንድ ደግሞ መ እንበል፤ ቢያንስ አንዲት ሴት ያለችበት ሁለት ሰው እንምረጥ። ሊኖሩ የሚችሉት ሀለ፣ ሀመ እና ለመ፣ ሦስት ናቸው። ያ የሚያሳምን ዘዴ ግን 2 × 2 = 4 ይላል። ዘዴው የሚያወጣቸውን መስመሮች ስንጽፋቸው ሀለ፣ ሀመ፣ ለሀ፣ ለመ ናቸው። ሀለ እና ለሀ አንድ ኮሚቴ ሆነው ሳለ ሁለት ጊዜ ተቆጥረዋል። መጀመሪያ የመረጥናት ሴት «ግዴታ ማሟያ» የሚል ስም ሳይታወቀን ሰጥተናት፣ በኋላ የገባችውን ሴት ደግሞ ያለ ስም ተውናት። በኮሚቴው ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት የለም።

ትክክለኛው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ከፋፍሎ መደመር፤ አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች 5 × 6 = 30፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ 10 × 4 = 40፣ ሦስቱም ሴቶች 10፤ ድምሩ 80። ሌላው ከጠቅላላው መቀነስ፤ ሴት የሌለባቸው ኮሚቴዎች ከአራት ወንዶች ሦስት የሚመረጡባቸው 4 ብቻ ስለሆኑ 84 − 4 = 80። ሁለት የተለያዩ መንገዶች አንድ ቁጥር ላይ ሲገናኙ ተማሪው በመልሱ ሊተማመን ይችላል። 140ውም ከየት እንደመጣ መከታተል ይቻላል፤ ሁለት ሴቶች ያሉባቸው 40ዎቹ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ሴቶች ያሉባቸው 10ሩ ሦስት ሦስት ጊዜ ገብተዋል፤ 30 + 80 + 30 = 140።

ቁጥርን አሳንሶ ዝርዝሩን በእጅ መጻፍ ለደካማ ተማሪ የተተወ ሥራ ተደርጎ ሲታይ ያሳዝነኛል። እርግጥ ነው 2,730 መስመር ማንም አይጽፍም። ነገር ግን አሥርን ወደ አራት፣ ሦስትን ወደ ሁለት አውርዶ ስድስት ወይም አሥራ ሁለት መስመር መጻፍ ደቂቃዎች ብቻ ይፈልጋል፤ የመረጥነው ዘዴም ተደጋጋሚ ቆጥሮ ወይም ዘሎ እንደሆነ ያሳያል። ዝርዝሩ በሥርዓት መጻፍ አለበት። መጀመሪያ በሀ የሚጀምሩትን በሙሉ፣ ከዚያ በለ የሚጀምሩትን፤ በመጣ በመጣ የተጻፈ ዝርዝር ምን እንደጎደለው አያሳይም።

ለመምህራን አንድ ልመና አለኝ። የመማሪያ መጽሐፍ መልመጃዎች ብዙ ጊዜ በርዕስ ተለይተው ይቀመጣሉ፤ ፐርሙቴሽን በሚለው ሥር ያሉት ሁሉ ፐርሙቴሽን፣ ኮምቢኔሽን በሚለው ሥር ያሉት ሁሉ ኮምቢኔሽን ናቸው። ተማሪው የሚቸገርበትን ውሳኔ ርዕሱ ወስኖለታል፤ አሥሩንም በትክክል ሠርቶ ፈተና ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ምዕራፉ ሲያልቅ ርዕሶቹን አንሱና አሥራ አምስት ጥያቄ ቀላቅላችሁ ስጧቸው። ከነዚህም ቢያንስ ሦስቱ በሁለቱም ቀመር የማይሠሩ ይሁኑ። መልሱን እንዲያሰሉም አትጠይቋቸው፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ የተሟላ ውጤት ጽፈው፣ መደጋገም ይፈቀድ እንደሆነ፣ የትኞቹ ሁለት ቢቀያየሩ ምንም እንደማይለወጥ ብቻ በቃላት ጽፈው ያስረክቧችሁ።